ካርዷ ሙሉ የሆነ ልጅ ለምን በየዘመቻው የፖሊዮ ጠብታ ትወስዳለች? ለጤና ሚኒስቴርና ለጤና ቢሮዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር፣
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ክትባት ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ሆኜ ነው። የትንሽ ልጅ እናትም ነኝ። የፖሊዮ ዘመቻ በታወጀ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ጎረቤት ይደውላል፣ ዘመድ ይደውላል፣ የከተብኳቸው ልጆች እናቶች ይደውላሉ። ጥያቄው ግን አንድ ነው። «ልጄ ክትባቷን ጨርሳለች። ካርዷ ሙሉ ነው። ባለፈው ዘመቻም ወስዳለች። አሁን ደግሞ መጡ። ሲበዛ አይጎዳትም ወይ?»

ይህ የእልኸኛ ሰው ጥያቄ አይደለም። የልጁን ካርድ አጣጥፎ ያስቀመጠ፣ ቀጠሮ ያላሳለፈ ወላጅ ጥያቄ ነው። በር ላይ የሚያገኘው መልስ ግን ብዙ ጊዜ «ሁሉም ሕፃን ይወስዳል ተብሏል» የሚል ነው። አንዲት ጎረቤቴ «ትዕዛዝ ነው» ስትባል ልጇን አቅፋ ገባችና በሩን ዘጋችው። ከታቢውን ልወቅሰው አልፈልግም። ፀሐይ ላይ ሲዞር ይውላል፤ በአጭር ሥልጠናው የሚነገረውም ስለ ብልቃጥ አያያዝ፣ ስለ ጣት ቀለምና ስለ መመዝገቢያ ቅጹ ነው። ወቀሳዬ ለእናንተ ነው። መልሱ እናንተ ዘንድ አለ። ከጠብታው ጋር አብሮ በር ድረስ አልመጣም።

ስለዚህ መልሱን እኔ በማውቀው ልክ እዚህ ላስቀምጠው፤ ወላጆችም ያንብቡት። የጎደለ ካለ እናንተ ሙሉት።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ጤነኛ ልጅ በየዘመቻው ተጨማሪ የፖሊዮ ጠብታ መውሰዷ አይጎዳትም። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ደግሞ አለ። «ተጨማሪ» የምንለው ጠብታ ለብዙዎቹ ልጆቻችን ጭራሽ ተጨማሪ አይደለም።

ለምን እንደሆነ ለማየት የአንዲት የ3 ዓመት ልጅ ካርድ እንክፈት። ስትወለድ ጠብታ ወስዳለች። በ6ኛው፣ በ10ኛው እና በ14ኛው ሳምንት ደግማለች። በ14ኛው ሳምንት ከጠብታው ጋር የፖሊዮ መርፌም ተወግታለች። አራት ጊዜ ጠብታ፣ ቢያንስ አንድ መርፌ። እናቷ «ጨርሳለች» ስትል እውነቷን ነው። መደበኛው ክትባት የሚጠይቀውን አድርጋለች።

አሁን ጠብታው ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። የፖሊዮ ቫይረስ ሦስት ዓይነት ነው፤ ዓይነት 1፣ ዓይነት 2 እና ዓይነት 3 ይባላሉ። አንዱን መከላከል የተማረ ሰውነት ሌላውን በደንብ አይከላከልም። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ በመላው ዓለም ይሰጥ የነበረው ጠብታ ሦስቱንም ይዞ ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር ላይ ጠብታውን የሚጠቀሙ አገሮች በሙሉ ዓይነት 2ን ከውስጡ አወጡት። የተፈጥሮው ዓይነት 2 ቫይረስ ከ1999 ወዲህ የትም አልታየም፤ መጥፋቱም በ2015 በይፋ ተረጋግጧል። በሌላ በኩል ከክትባቱ ራሱ ተለውጦ በሽታ ያመጣ የነበረው በአብዛኛው ይኸው የዓይነት 2 ክፍል ነበር። ስለዚህ ወጣ። የዛሬው መደበኛ ጠብታ ዓይነት 1ንና 3ን ብቻ ይዟል። ከዓይነት 2 እንዲከላከል የቀረው መርፌው ነው።

ካርዷ ሙሉ የሆነችው ልጃችን እንግዲህ አራት ጊዜ የወሰደችው ጠብታ ስለ ዓይነት 2 ምንም አላስተማራትም። እዚህ አገር እየዞረ ልጆችን ሲያሽመደምድ የቆየው ደግሞ ከክትባት የመነጨው ዓይነት 2 ነው። ለእሱ ተብሎ በሚወጣ ዘመቻ በር ላይ የሚመጣው ጠብታ ዓይነት 2ን ብቻ የያዘው አዲሱ ጠብታ ነው። ቀለሙ፣ ብልቃጡ፣ አሰጣጡ ከመደበኛው ጋር ይመሳሰላል። ወላጅ በዓይኑ ሊለየው አይችልም። ይዘቱ ግን ሌላ ነው። ለልጅቷ አንጀት አምስተኛው ሳይሆን የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትነግሯት ያቺ ጎረቤቴ በሯን የምትዘጋ አይመስለኝም።

«መርፌውን ወስዳ የለም እንዴ?» ይባል ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መርፌው የሞተ ቫይረስ ነው። ደም ውስጥ ተከላካይ ይፈጥራል፤ ቫይረሱ ወደ ነርቭ ደርሶ እግር እንዳያሽመደምድ ያግደዋል። አንጀት ላይ ግን ሥራው ደካማ ነው። ፖሊዮ ደግሞ የሚራባው አንጀት ውስጥ ነው፤ የሚወጣው በሰገራ ነው፤ ወደ ሌላ ልጅ የሚሄደው በውኃ፣ በምግብና በእጅ ነው። መርፌው ቤት ውስጥ ዘበኛ ያስቀምጣል፤ ጠብታው በር ላይ ያቆማል። መርፌ ብቻ የወሰደች ልጅ ራሷ ሳትታመም ቫይረሱን አንጀቷ ውስጥ አባዝታ ለሳምንታት ለጎረቤት ልጅ ልታቀብል ትችላለች። በዚያ ላይ አንድ መርፌ ሁሉንም ልጅ እኩል አያስታጥቅም። ከዓይነት 2 በደንብ ለመጠበቅ ከአንድ በላይ የሚያስፈልጋቸው ብዙ ናቸው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ዓይነት 2ን የያዘው ጠብታ ልጃችን አፍ ውስጥ ሲገባ፣ የተዳከመው ቫይረስ አንጀቷ ውስጥ ይራባል። ሰውነቷም ያውቀዋል፣ ተከላካይ ይሠራለታል። ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛው ዙር ይመጣል። በመጀመሪያው በደንብ ከተማረች አዲሱ የክትባት ቫይረስ አንጀቷ ላይ ብዙም ሳይራባ ይገደላል። ያልተማረች ከሆነ ሁለተኛ ዕድል ታገኛለች። ከውጭ ሆኖ የትኛዋ እንደተማረችና የትኛዋ እንዳልተማረች የሚያውቅ የለም። እያንዳንዷን ደም ወስዶ መመርመር አይቻልም። ለሁሉም መስጠት የተመረጠው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ነው «ሲበዛስ?» ለሚለው ትክክለኛው መልስ ያለው። ብዙ እናቶች መድኃኒት ሲበዛ ሰውነት ውስጥ እንደሚጠራቀም ያስባሉ። በአንዳንድ መድኃኒት ልክ ናቸው። ጠብታው ግን እንደዚያ አይሠራም። ውስጡ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ነው። ሰውነት ካወቀው ያጠፋዋል፤ የሚከማች ነገር የለም። መጠኑም ሁለት ጠብታ፣ ማለትም 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አሥር ጊዜ የወሰደች ልጅ በዕድሜዋ በሙሉ የወሰደችው ተደምሮ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሻይ ማንኪያ አምስተኛ እጅ ማለት ነው። ከቫይረሱ ጋር ያለው ማቆያ ጨው ወይም ስኳር እና ከዝግጅቱ የተረፈ እጅግ ጥቂት ፀረ ተህዋስ መድኃኒት ነው። እንግዲህ ነገሩ ከተለመደው መድኃኒት የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ጊዜ የወሰደ ልጅ አንጀት ላይ ቫይረሱ የመራባት ዕድሉ ያንሳል።

ይህን በወረቀት ብቻ የተገመተ ነገር አድርጎ የሚያይ ካለ ህንድን ይመልከት። ህንድ ውስጥ በአንድ አገር አቀፍ የዘመቻ ቀን 170 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ጠብታ ይወስዱ ነበር። በተለይ በኡታር ፕራዴሽና በቢሃር ግዛቶች ልጆች አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከአሥር ጊዜ በላይ መውሰዳቸው የተለመደ ነበር። ለምን ይህን ያህል? በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የኡታር ፕራዴሽን ልጆች አይቶ አንድ ጠብታ ከዓይነት 1 የመከላከል አቅሙ 9 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አገኘ። በቀሩት የህንድ ክፍሎች 21 በመቶ ገደማ ነበር። ምክንያቱ የመኖሪያው መጨናነቅ፣ ተቅማጥ መብዛቱ፣ አንጀት ውስጥ ሌሎች ቫይረሶች ቦታ ይዘው የክትባቱን ቫይረስ እንዳይራባ ማድረጋቸው ነው።

9 በመቶ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። ከመቶ ልጆች ሦስት ጊዜ ጠብታ የወሰዱ ቢሆኑ የተጠበቁት 25 ያህል ብቻ ይሆናሉ። አሥር ጊዜ ቢወስዱ 61 ይደርሳሉ። አሥራ አምስት ጊዜ ቢወስዱ 76። እዚያ «ካርዱ ሙሉ» የሆነ ልጅ ከአራት ሦስት ጊዜ ያልተጠበቀ ልጅ ነበር። ህንድ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ብቻ የያዙ፣ የተሻለ የሚሠሩ ጠብታዎችን አስገባች፤ ዘመቻውንም አላቋረጠችም። የመጨረሻው የተፈጥሮ ፖሊዮ ሕመምተኛ ጥር 2011 እ.ኤ.አ. ላይ በምዕራብ ቤንጋል ታየች። በመጋቢት 2014 አገሪቱ ከፖሊዮ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። ያ ሁሉ ጠብታ የወሰደው ትውልድ ዛሬ ወጣት ነው። መደጋገሙ ያመጣው ሌላ በሽታ ቢኖር ኖሮ በዚያ ብዛት ውስጥ ሳይታይ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም።

የእኛ አገር ልጆች እንደ ኡታር ፕራዴሽ ናቸው እያልኩ አይደለም። ግን ንጹሕ ውኃ በሌለበት፣ ተቅማጥ በሚመላለስበት ሁሉ ጠብታው ከአውሮፓ ልጆች ይልቅ ደክሞ ይሠራል። በብዙ ታዳጊ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ ሦስት ጠብታ ከወሰዱ ልጆች በዓይነት 1 እና በዓይነት 3 ላይ ተከላካይ ያገኙት ከመቶ 70 ያህል ነበሩ። የቀሩት 30ዎቹም ካርዳቸው ሙሉ ነው። በዚያ ላይ የአንጀት መከላከያ ከወራት በኋላ እየሳሳ ይሄዳል፤ ተጨማሪው ጠብታ ያድሰዋል።

እስካሁን ያልኩት ጥሩ ጥሩውን ነው። ሌላው ወገንም መነገር አለበት። እናንተም ብትናገሩት ጥሩ ነው፤ ከእናንተ ያልሰማነውን ከማኅበራዊ ሚዲያ ተጋንኖ እንሰማዋለንና።

ጠብታው ሕያው ቫይረስ ስለሆነ እጅግ አልፎ አልፎ ራሱ ልጅ ሊያሽመደምድ ይችላል። አሜሪካ ጠብታውን ትሰጥ በነበረበት ዘመን የተሠራ ስሌት በ2.4 ሚሊዮን ጠብታ አንድ ሕመምተኛ ገደማ ነበር። ይህ አደጋ በሁሉም ጠብታ ላይ እኩል አልተከፋፈለም። የሚያመዝነው በመጀመሪያው ጠብታ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ጠብታ የሚገባው ቫይረሱን ፈጽሞ የማያውቅ ሰውነት ውስጥ ነው። ለልጇ ስምንተኛ ጠብታ የምትፈራ እናት የምትፈራው አደጋው እጅግ ያነሰበትን ጠብታ ነው። ዓይነት 2 ለአንጀቷ አዲስ ቢሆንም፣ ቀድማ የተወጋችው መርፌ ነርቭን በመጠበቅ በኩል እዚህም ያግዛታል። አዲሱ የዓይነት 2 ጠብታም ቫይረሱ ወደ ቀድሞ ኃይሉ እንዳይመለስ የዘር መዋቅሩ ተስተካክሎ የተሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ለአስቸኳይ አገልግሎት ፈቀደው፤ በ2023 መጨረሻም ሙሉ ዕውቅና ሰጠው።

ሁለተኛው እውነት «በሽታው ከክትባቱ መጣ» የሚባለው ነው። ይህ ባዶ ወሬ አይደለም። የተከተበ ልጅ የተዳከመውን ቫይረስ ለሳምንታት በሰገራው ያወጣል። ዙሪያው ያሉ ልጆች ከተከተቡ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ብዙ ያልተከተቡ ልጆች ባሉበት መንደር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለዓመት ያህልና ከዚያም በላይ ሲተላለፍ ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ ልምሻ የሚያመጣ ቫይረስ ይሆናል። አዲሱ ጠብታ ይህን ዕድል በብዙ ቀንሶታል። አላጠፋውም። በ2023 በኮንጎና በብሩንዲ ከአዲሱ ጠብታ ጋር የተያያዙ ሕመምተኞች ተገኝተዋል። የሚለወጠው ግን ክትባት በሌለባቸው ልጆች ሰንሰለት ውስጥ ነው። ሙሉ በሙሉ የተከተበች ልጅ አንድ ጠብታ ስትጨምር ሰንሰለቱ እሷ ጋ ይበጠሳል። አንጀቷ ስለሚገድለው የምታወጣው ያንሳል፣ የምታወጣበትም ጊዜ ያጥራል። ይህን በግልጽ የሚናገር ጽሕፈት ቤት ይታመናል። «ከክትባቱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም» ያለ ሰው ግን እናትየው ሌላ ቦታ አንብባ ስትመጣ የሚላት ያጣል።

ሦስተኛው፣ ጠብታው በእርግጥ የማይሰጣቸው ልጆች አሉ። ሲወለዱ ጀምሮ በሽታ የመከላከል አቅማቸው በጣም የተጓደለ፣ ለካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ የሰውነት መከላከያን የሚጨቁን መድኃኒት በብዛት የሚወስዱ። እነዚህ ልጆች ቫይረሱን ማጥፋት ስለሚያቅታቸው አንጀታቸው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። መርፌው ለእነሱ ደህና ነው። በአንድ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ እህት ወንድሞቹም ጠብታ ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ቢጠየቅ ይሻላል። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ግን ምልክት ያልታየበት ልጅ ከዚህ ውጭ ነው፤ እንዲከተብ ይመከራል። ቀላል ጉንፋን፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ቀላል ተቅማጥ ጠብታውን አያስከለክልም። ጡት ማጥባትም አይከለክልም። ልጁ ወዲያው ቢተፋው እንደገና ይሰጠዋል።

«ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ወስዳለች፣ አሁን ድጋሚ?» የሚሉም አሉ። በመደበኛው ክትባት በሁለት ጠብታ መካከል 4 ሳምንት የሚጠበቀው ሁለተኛው በደንብ እንዲሠራ ነው። የፊተኛው ቫይረስ አንጀቱን ይዞ ከሆነ የኋለኛው ቦታ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መቀራረቡ ጥቅሙን ሊቀንሰው ይችላል እንጂ ጉዳት አያመጣም። ወረርሽኝ በበረታባቸው ወይም ለመድረስ በሚያስቸግሩ ቦታዎች ሆን ተብሎ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ልዩነት የተሰጠበት ጊዜ አለ።

አሁን በጣም ወደሚያስፈራው ልምጣ። ዘመቻው አልፎ በሳምንቱ ልጅ ይታመማል። እናት «ከጠብታው ነው» ትላለች። እኔም እናት ነኝና በእሷ ቦታ ብሆን ይህንኑ አስብ ይሆናል። ግን እንቁጠረው። ፖሊዮ በሌለበት አገር እንኳ ከ15 ዓመት በታች ካሉ 100,000 ልጆች በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ያህሉ እጅ ወይም እግራቸው በድንገት ይዝላል። መንስኤው ፖሊዮ ያልሆነ የነርቭ በሽታ ነው፤ ጠብታ ኖረም አልኖረም ይከሰታል። በዘመቻ 1 ሚሊዮን ልጆች ጠብታ ወሰዱ እንበል። በዚህ ስሌት ጠብታ ባይሰጥም ከእነሱ በዓመት ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይህ ይገጥማቸዋል። ከዘመቻው በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ብቻ አንድ ወይም ሁለት ማለት ነው። ለዚያች ልጅ እናት ጠብታውና ሕመሙ ተከታትለው የመጡ ናቸው። ማንም «አጋጣሚ ነው» ቢላት አትሰማውም። መስማትም የለባትም፤ መመርመር ነው ያለበት።

ምርመራው ደግሞ አለ። ልጅ እግሩ ወይም እጁ በድንገት ከዛለ፣ መቆም ካቃተው፣ ሳይውል ሳያድር ለጤና ተቋም ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መነገር አለበት። ሕመሙ ከጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰዳል፤ በመካከላቸው ቢያንስ 24 ሰዓት ይሆናል። ናሙናው በቅዝቃዜ ተይዞ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ላቦራቶሪው ፖሊዮ መኖር አለመኖሩን ብቻ አይደለም የሚናገረው። ካለም የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ከጠብታው ያልተለወጠ ቫይረስ ይሁን ተለውጦ የዞረ ከዘሩ ይለያል። ዘግይቶ የተወሰደ ናሙና ወይም በሙቀት የተበላሸ ናሙና ይህን መልስ ያሳጣል። ስለዚህ የምትጠራጠር እናት ቤቷ ውስጥ ተደብቃ ከምትጠራጠር ቶሎ ብትመጣ ለእሷም ለእኛም ይሻላል።

መልስ ያላገኘ ጥያቄ የት እንደሚያደርስ በ2003 እና በ2004 እ.ኤ.አ. በሰሜን ናይጄሪያ አይተናል። በካኖ ግዛት «ጠብታው ያመክናል» የሚል ወሬ በርትቶ ክትባቱ ለወራት ተቋረጠ። ቫይረሱ ከዚያ ተነስቶ በቻድና በሱዳን አድርጎ እኛ ዘንድ ደረሰ። ኢትዮጵያ ለዓመታት ፖሊዮ ካላየች በኋላ በ2004 መጨረሻ ላይ ከሱዳን የመጣ ቫይረስ ልጆቻችንን አገኘ። በ2013 ደግሞ የአፍሪካ ቀንድ ወረርሽኝ በሶማሌ ክልል በኩል ገባ። ድንበራችን ረጅም ነው፤ ሰውም ከብትም ይሻገርበታል። የዘመቻው መደጋገም ከዚህ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለሕዝቡ መንገር ምን ያህል ይከብዳል?

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይኸው ነው።

ዘመቻ ስታውጁ የትኛው ጠብታ እንደሆነ በስሙ ንገሩን። «የፖሊዮ ክትባት ይሰጣል» ማለት አይበቃም። «ይህ ዓይነት 2ን የሚከላከል ነው፤ ልጅዎ በመደበኛ ክትባት በጠብታ ያላገኘችው ነው» ብትሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በሬዲዮም፣ በሞንታርቦም፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ማስታወቂያም ይገባል። ዓይነት 1ንና 3ን የያዘው የሚሰጥበት ዘመቻ ሲሆንም ምክንያቱን እንዲሁ ንገሩን።

የዘመቻ ጠብታ ብዙውን ጊዜ በልጆች ካርድ ላይ አይጻፍም። ጣት ላይ የሚቀባው ቀለም በሳምንታት ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ እናት በእጄ አለ የምትለው ማስረጃ የላትም። ስንት ጊዜ፣ የትኛውን ዓይነት እንደወሰደች አታውቅም። እኔም ካርዱን ገልጬ ልነግራት አልችልም። ቀኑንና ዓይነቱን የምታሳይ ትንሽ ቦታ ካርዱ ጀርባ ላይ ብትኖር ይህ ሁሉ ፍርሃት ግማሽ ይቀላል። ቤት ለቤት ሲሄዱ ለመጻፍ ጊዜ ይወስዳል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ማኅተም ይበቃል።

ከታቢው ጠብታውን ከመስጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ልጁ ሐኪም የሚከታተለው ከባድ ሕመም አለበት? የካንሰር መድኃኒት ይወስዳል?» ይህ ጥያቄ ጥቂት ልጆችን ከአደጋ ያድናል፤ የቀሩትን ወላጆች ደግሞ ነገሩ በጥንቃቄ እየተሠራ እንደሆነ ያሳያል። ብልቃጡን ማየት የፈለገ ወላጅም ይታይለት። ክትባት ክፍል የምንሠራ ሁላችን እንደምናውቀው ብልቃጡ ላይ ክብ ምልክት አለች፤ መሃሏ ላይ አራት ማዕዘን አለ። አራት ማዕዘኑ ከክቡ የነጣ ከሆነ ክትባቱ ደህና ነው። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረ ወይም ከባሰ ሙቀት አበላሽቶታልና አይሰጥም። የተበላሸ ጠብታ ልጅ አይመርዝም፤ ግን አይከላከልም፤ እናትየውም የተጠበቀች ይመስላታል። እኔ ከብዙ ጠብታ ይልቅ የምፈራው ይህን ነው።

በ8335 እና በ952 የሚደውሉ ወላጆችን የሚያነጋግሩ ባለሙያዎችም በዘመቻ ሰሞን ይህን ጥያቄ እንዲመልሱ አዘጋጇቸው። «ካርዷ ሙሉ ነው፣ ለምን ትደግማለች?» ለሚለው ስለ ዓይነት 2 የሚያውቅ ሰው ስልኩን ያንሳው።

ለወላጆችም አንድ ነገር ልበል። ካርዱን ይዛችሁ በር ላይ ቁሙ፤ «የትኛው ጠብታ ነው? ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቃችሁ ልክ ነው። ካልገባችሁ ጤና ጣቢያ ኑና እንነጋገር። ልጃችሁ ከላይ የጠቀስኳቸው ሕመሞች ከሌሉበት ግን መልሱ እስኪመጣ ብላችሁ ጠብታውን አታሳልፉ፤ ዙሩ አራት ቀን ገደማ ነው የሚቆየው፤ ያመለጠውን ለማግኘት የሚቀጥለውን መጠበቅ ይሆናል።

እናንተን ደግሞ የምጠይቀው ለሚቀጥለው ዙር ከታቢዎች ሲሠለጥኑ ይህን መልስ የሚማሩበት ሰዓት እንዲመደብ ነው። መልስ ከሰጣችሁን ደብዳቤያችሁን ክትባት ክፍላችን በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የክትባት ክፍል ነርስ እና እናት